የሟች ባለቤት ለመድን ድርጅት የምታቀርበው የክፍያ ጥያቄ ደብዳቤ

የሕይወት መድን የገባ ሰው ሲሞት መድን ሰጪው ድርጅት ገንዘቡን በራሱ ተነሳሽነት አያደርስም። ክፍያው የሚጀምረው በውሉ ላይ በተጠቃሚነት የተመዘገበው ሰው መሞቱን ሲያስታውቅና ክፍያ ሲጠይቅ ነው። ባል ሞቶ ሚስት ተጠቃሚ በምትሆንበት ጊዜ ጥያቄዋን የምታቀርብበት ደብዳቤ ሦስት ነገሮችን ይይዛል፦ የትኛው ውል እንደሆነ፣ እርሷ በምን መብት እንደምትጠይቅ፣ ይህንንም የሚያስረዱት ሰነዶች የትኞቹ እንደሆኑ። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ ባይበልጥም የሚጽፈው ሰው ከሦስቱ አንዱን ካጓደለ ክፍያው ለወራት ሊጓተት ይችላል።

ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ሁለተኛው ነው። ብዙ ባለቤቶች ሀዘኑ ካለፈ በኋላ መጀመሪያ የሚሄዱት ፍርድ ቤት ነው፤ የወራሽነት ማረጋገጫ ያወጡና በደብዳቤያቸውም «የሟች ሕጋዊ ወራሽ በመሆኔ» ብለው ይጽፋሉ። ነገር ግን የመድን ተጠቃሚነትና ወራሽነት በሕግ የተለያዩ ናቸው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 827 እንደሚለው፣ ሟች ተጠቃሚውን ሳይወስን ከሞተ ወይም ውሉ ሌላ ነገር ሳይጠቅስ «ለወራሾቼ» ብቻ ካለ፣ የሕይወት መድን ገንዘቡ የውርስ ሀብት ይሆናል። ከዚህ ውጭ በሆነ ጊዜ ገንዘቡ ወደ ውርሱ አይገባም። ስለዚህ በውሉ ላይ ስሟ የተጻፈ ሚስት የምትጠይቀው በወራሽነቷ ሳይሆን በውሉ በተሰጣት መብት ነው። «ወራሽ ነኝ» ብላ ከጻፈች ድርጅቱ የወራሽነት ውሳኔ ሊጠይቃት ይችላል፤ ሌሎች ወራሾችም በገንዘቡ ላይ ድርሻ ያላቸው ሊመስላቸው ይችላል። በዚህም ቀላሉ ጉዳይ ወደ ክርክር ያመራል።

ተጠቃሚነት በሁለት መንገድ ይሰየማል። አንደኛው የሚስት ሙሉ ስም በማመልከቻው ቅጽና በፖሊሲው ላይ ሲጻፍ ነው። ሁለተኛው ስም ሳይጠቀስ «ባለቤቴ» ወይም «ልጆቼ» ተብሎ ሲጻፍ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አንቀጽ 701 ይህን አጻጻፍ ይቀበላል፤ ጋብቻው ከመድን ውሉ በኋላ የተፈጸመ ቢሆንም እንኳ የትዳር ጓደኛ እንደ ተለየ ተጠቃሚ ይቆጠራል፤ የተወለዱም ሆኑ ገና የሚወለዱ ልጆችም እንዲሁ። በመጀመሪያው መንገድ ሚስት ማስረዳት ያለባት በፖሊሲው ላይ የተጻፈችው እርሷ መሆኗን ነው፤ ለዚህም መታወቂያ በቂ ሊሆን ይችላል። በሁለተኛው ግን ባሏ በሞተበት ቀን ሚስቱ እንደነበረች ጭምር ማስረዳት ይጠበቅባታል፤ ስለዚህ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ዋናው ማስረጃ ይሆናል።

ሰነዶቹ እንደየድርጅቱ ጥቂት ቢለያዩም በአራት ጥያቄዎች ስር ይሰበሰባሉ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ውሉ ሲሞት ይሠራ ነበር?» የሚል ነው። ለዚህ ዋናው ፖሊሲና የመጨረሻው የአረቦን ደረሰኝ ይቀርባሉ። አረቦን ሳይከፈል ቀርቶ የእፎይታ ጊዜው ካለፈ ውሉ ሊቋረጥ ስለሚችል ደረሰኙ ትልቅ ዋጋ አለው። ፖሊሲው ከጠፋ ድርጅቱ ሌላ ቅጂ የሚሰጥበት ሥርዓት አለው፤ ስለዚህ በደብዳቤው ላይ መጥፋቱን መግለጽ እንጂ ፍለጋው እስኪያልቅ መጠበቅ አያስፈልግም።

ሁለተኛው ጥያቄ «በእርግጥ ሞቷል ወይ?» የሚለው ነው። ለዚህ ከሲቪል ምዝገባ ጽሕፈት ቤት የሚሰጠው የሞት ምስክር ወረቀት ይቀርባል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 የተደነገገ ሲሆን ሞት በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ይጠበቃል። የሆስፒታል ወረቀት ወይም የቤተ ክርስቲያን የቀብር ማስረጃ የምዝገባው መነሻ ሊሆን ይችላል፤ የሞት ምስክር ወረቀቱን ግን አይተካም። ሟች በውጭ አገር ከሞተ ከዚያ አገር የተሰጠው ሰነድ በኢትዮጵያ ኤምባሲና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ አለበት።

ሦስተኛው ጥያቄ «በምን ምክንያት ሞተ?» ነው። በሕመም ለሞተ ሰው ያከመው የጤና ተቋም የሚሰጠው የሕክምና ማስረጃ ይጠየቃል። በአደጋ ወይም በሌላ ድንገተኛ ምክንያት ለሞተ የፖሊስ ማስረጃና የአስከሬን ምርመራ ውጤት ይታከላሉ። ድርጅቱ ይህን የሚመለከተው ሟች ውሉን ሲገባ ስለ ጤንነቱ የሰጠው መልስ እውነት መሆኑን፣ የሞቱም ምክንያት በውሉ ከተገለሉት ውስጥ አለመሆኑን ለማወቅ ነው። ውሉ በአደጋ ለሞተ ተጨማሪ ገንዘብ የሚሰጥ ከሆነም የፖሊሱ ማስረጃ የሚጠቅመው ለሚስት ራሷ ነው።

አራተኛው ጥያቄ «ጠያቂዋ ማን ናት?» ነው። መታወቂያዋ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀቷ፣ ልጆች ካሉ የልደት ምስክር ወረቀታቸውም በዚህ ስር ይገባሉ። ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ድርሻ ካላቸው ገንዘቡን ራሳቸው መቀበል አይችሉም። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከወላጆች አንዱ ሲሞት በሕይወት ያለው ወላጅ ብቻውን የልጆቹ አሳዳሪና ሞግዚት ይሆናል። ሆኖም ድርጅቶችና ባንኮች ይህን የሚያረጋግጥ የፍርድ ቤት ወረቀት ሊጠይቁ ስለሚችሉ ቀድሞ መጠየቅ ጊዜ ያተርፋል።

ከሰነድ ጉድለቶች ሁሉ በብዛት የሚያጋጥመው የስም አለመመሳሰል ነው። ፖሊሲዎች ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ስለሚዘጋጁ «ፀሐይ» የሚለው ስም በፖሊሲው ላይ አንድ ዓይነት፣ በመታወቂያው ላይ ሌላ ዓይነት ሆኖ ይገኛል። አንዱ ሰነድ የአያት ስም ሲይዝ ሌላው ይተወዋል፤ የትውልድ ዘመን ደግሞ በአንዱ በኢትዮጵያ፣ በሌላው በአውሮፓ አቆጣጠር ይጻፋል። ይህን ለማወቅ ሰነዶቹን ጎን ለጎን ዘርግቶ ስምን፣ የአባት ስምን፣ የአያት ስምንና ቀኖችን ፊደል በፊደል ማመሳከር ይበቃል። ልዩነት ከተገኘ ሰነዱን የሰጠው ጽሕፈት ቤት እንዲያርመው ማድረግ፣ ይህ ካልተቻለም ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ማውጣት ያስፈልጋል። ልዩነቱን በደብዳቤው ላይ ራሷ ማስረዳቷ፣ ድርጅቱ ደርሶበት ፋይሉን ከሚመልስባት ይሻላል።

አንድ ምሳሌ ጉዳዩን ግልጽ ያደርገዋል። ባል በ2010 ዓ.ም. የ600,000 ብር የሕይወት መድን ገባ እንበል። በፖሊሲው ላይ ለሚስቱ 60 በመቶ፣ ለሁለቱ ልጆቹ ለእያንዳንዳቸው 20 በመቶ ወሰነ። በኋላም በዚሁ ፖሊሲ ዋስትና ከድርጅቱ ገንዘብ ተበደረ። በጥር 2017 ዓ.ም. በሕመም ሲሞት ልጆቹ የ9 እና የ13 ዓመት ነበሩ። የሚስቱ ደብዳቤ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

ቀን፦ ……

ለ…… የሕይወት መድን ካሳ ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በፖሊሲ ቁጥር …… የተገባ የሕይወት መድን እንዲከፈል ስለመጠየቅ

መድን ገቢው ባለቤቴ አቶ …… ጥር …… ቀን 2017 ዓ.ም. በሕመም ምክንያት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። እኔ ወ/ሮ …… በፖሊሲው ላይ በስም የተጠቀስኩ የ60 በመቶ ተጠቃሚ መሆኔን አረጋግጣለሁ። እስከ ሞቱበት ቀንም ጋብቻችን የጸና ነበር። ቀሪው 40 በመቶ ተጠቃሚ ለሆኑት ለአካለ መጠን ያልደረሱ ሁለት ልጆቻችን በሞግዚትነቴ እጠይቃለሁ። በፖሊሲው ላይ ስሜ …… ተብሎ፣ በመታወቂያዬ ላይ ደግሞ …… ተብሎ ቢጻፍም የአንድ ሰው ስም መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ አያይዣለሁ።

ስለዚህ የሚገባን ክፍያ ከነዝርዝር ስሌቱ እንዲገለጽልኝና እንዲፈጸምልኝ፣ የሚጎድል ሰነድ ካለም በአንድ ጊዜ በጽሑፍ እንዲነገረኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ ቁጥር

አባሪ፦ የተሞላ የክፍያ መጠየቂያ ቅጽ፣ ዋናው ፖሊሲ፣ የመጨረሻው የአረቦን ደረሰኝ፣ የሞት ምስክር ወረቀት፣ የሕክምና ማስረጃ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የመታወቂያ ቅጂ፣ የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፣ የሞግዚትነት ማስረጃ፣ የስም ማስረጃ።

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ «ወራሽ» የሚል ቃል የለም። መብቷ የመጣው ከፖሊሲው መሆኑ፣ የራሷና የልጆቿ ድርሻም ተለይቶ መቀመጡ መዝገብ አጣሪው ጉዳዩን በቀጥታ ከውሉ ጋር እንዲያመሳክር ያስችለዋል። የስሌት ዝርዝር መጠየቁም ያለ ምክንያት አይደለም። ባል ከተበደረው ውስጥ ወለዱን ጨምሮ 45,000 ብር ሳይመለስ ቀርቶ ቢሆን ድርጅቱ ያንን ቀንሶ 555,000 ብር ይከፍላል። ከዚህ የሚስት ድርሻ 333,000 ብር፣ የእያንዳንዱ ልጅ ድርሻ 111,000 ብር ይሆናል። ስሌቱን ያላየ ሰው 360,000 ብር ጠብቆ ያነሰ ሲያገኝ የተበደለ ይመስለዋል፤ ስህተት ተሠርቶ ከሆነም የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ፖሊሲው ለባንክ ብድር ዋስትና ተላልፎ ከሆነ ደግሞ ባንኩ ቀሪ ዕዳውን አስቀድሞ ይወስዳል።

ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ ይቀርባል። አንዱ በድርጅቱ መዝገብ ቤት ገቢ ሲሆን በሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም ተደርጎበት ከጠያቂዋ ጋር ይቀራል። ዋና ሰነዶች ለማመሳከር ይታያሉ፤ ድርጅቱ የሚያስቀረው ዋና ሰነድ ካለ ለምሳሌ ፖሊሲው፣ ስለ መረከቡ ወረቀት መቀበል ያስፈልጋል። የገባበት ቀን የሚጠቅመው ሕግ ጊዜ ስለሚቆርጥ ነው፤ በንግድ ሕጉ አንቀጽ 674 መሠረት ከመድን ውል የሚነሣ ጥያቄ ክስተቱ ከደረሰበት ወይም ባለጉዳዩ ካወቀበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት በይርጋ ይታገዳል። ፖሊሲው ራሱ ሞትን ለማስታወቅ ያጠረ ጊዜ ሊወስን ስለሚችል፣ ሁሉም ሰነድ እስኪሟላ ሳይጠበቅ መሞቱን በአጭር ደብዳቤ ማስታወቅና ማስረጃዎቹን በኋላ ማስከተል ይቻላል።

ድርጅቱ ጥያቄውን ሲቀበል የክፍያ መቀበያና ከኃላፊነት ነጻ ማድረጊያ ሰነድ ያስፈርማል። ይህን የፈረመ ሰው በዚያ ውል ሌላ ጥያቄ እንደሌለው አረጋግጧል ማለት ስለሆነ፣ ከመፈረሙ በፊት የተጻፈው መጠን ከስሌቱ ጋር መግጠሙ መታየት አለበት። ጥያቄው ውድቅ ከሆነ ምክንያቱንና የውሉን አንቀጽ በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል፤ መልሱ ካላረካ ጉዳዩ የመድን ሥራን ወደሚቆጣጠረው ወደ ኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በአቤቱታ፣ ወይም ወደ ፍርድ ቤት በክስ ሊሄድ ይችላል። አቤቱታ ማቅረብ ግን የሁለት ዓመቱን ይርጋ ያቆማል ተብሎ መዘናጋት አይገባም።