ዲያጎናል የመሆን ጥያቄ፦ በሚኒማል ፖሊኖሚያል ወይስ አይገንስፔስን አንድ በአንድ በመለካት?



የዛሬው ገለጻዬ የሚያተኩረው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው። አንድ ካሬ ማትሪክስ ሲሰጠን፣ ተስማሚ ቤዚስ በመምረጥ ወደ ዲያጎናል ቅርጽ ልናመጣው እንችላለን ወይስ አንችልም? በመጀመሪያው የሊኒየር አልጀብራ ኮርስ የምናስተምረው መንገድ ለሁላችሁም የታወቀ ነው። በቅድሚያ የካራክተሪስቲክ ፖሊኖሚያሉን ሥሮች፣ ማለትም አይገንቫልዩዎቹን፣ እንፈልጋለን። ቀጥሎም የእያንዳንዱን አይገንቫልዩ አይገንስፔስ አስልተን ዳይሜንሽኑን እንለካለን። የዳይሜንሽኖቹ ድምር ከማትሪክሱ መጠን ጋር እኩል ከሆነ መልሱ «ይቻላል» ነው፤ ካነሰ «አይቻልም» ነው።

ሁለተኛው መንገድ በሚኒማል ፖሊኖሚያል ላይ የተመሠረተ ነው። ማትሪክሱ በተለዋዋጩ ቦታ ሲገባ ውጤታቸው ዜሮ ማትሪክስ ከሚሆን ፖሊኖሚያሎች መካከል ዲግሪው ዝቅተኛና የመሪ ኮኤፊሸንቱ 1 የሆነው አንድ ብቻ ነው፤ እርሱን ሚኒማል ፖሊኖሚያል እንለዋለን። ቴዎረሙ እንዲህ ይላል፦ ማትሪክሱ ወደ ዲያጎናል የሚለወጠው ሚኒማል ፖሊኖሚያሉ እርስ በርስ የተለያዩ የአንደኛ ዲግሪ ፋክተሮች ብዜት ሲሆን፣ እንደዚያም ሲሆን ብቻ ነው። ብዙ ተማሪዎች ይህን ቴዎረም ለተመሳሳይ ሥራ የተሰጠ ተጨማሪ ቀመር አድርገው ይይዙታል። እኔ ግን ሁለቱ ፈተናዎች የሚጠይቁት መረጃ ልዩ ልዩ ነው እላለሁ። የመጀመሪያው አይገንቫልዩዎቹን በስም እንድናውቅ ያስገድደናል፤ ሁለተኛው ግን አያስገድደንም። ልዩነቱ የት ላይ እንደሚታይ ለማሳየት ከትንሽ ምሳሌ ልጀምር።

የሚከተሉት ሁለት ማትሪክሶች የሚለያዩት በአንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ በመጀመሪያው ረድፍ መጨረሻ ላይ በ A ውስጥ 1፣ በ B ውስጥ ደግሞ 0 አለ።

```
A = | 3 2 1 |      B = | 3 2 0 |
    | 1 4 1 |          | 1 4 1 |
    | 0 0 2 |          | 0 0 2 |
```

የሁለቱም ካራክተሪስቲክ ፖሊኖሚያል (x − 2)²(x − 5) ነው። ስለዚህ ካራክተሪስቲክ ፖሊኖሚያሉ ብቻውን ሊለያቸው አይችልም። በፈተና ወረቀቶች ላይ ደጋግሜ የማየው ስሕተት እዚህ ላይ ይፈጸማል፦ 2 ድግግም ሥር ስለሆነ «ማትሪክሱ ወደ ዲያጎናል አይለወጥም» ተብሎ ይደመደማል። ድግግሞሹ የሚነግረን መጠራጠር እንዳለብን ብቻ ነው።

በሁለተኛው መንገድ የምናደርገው እያንዳንዱን አይገንቫልዩ አንድ ጊዜ ብቻ ወስደን ማባዛት ነው። ለ A ሲሰላ፦

```
(A − 2I)(A − 5I) = | 1 2 1 | | −2  2  1 |   | 0 0 0 |
                   | 1 2 1 | |  1 −1  1 | = | 0 0 0 |
                   | 0 0 0 | |  0  0 −3 |   | 0 0 0 |
```

ብዜቱ ዜሮ ነው፤ ስለዚህ የ A ሚኒማል ፖሊኖሚያል (x − 2)(x − 5) ነው፤ A ወደ ዲያጎናል ይለወጣል። ለ B ያንኑ ስናሰላ፦

```
(B − 2I)(B − 5I) = | 0 0  2 |
                   | 0 0 −1 |
                   | 0 0  0 |
```

ይህ ዜሮ አይደለም፤ ስለዚህ B አይለወጥም። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። (B − 2I)²(B − 5I) ብታሰሉ ዜሮ ታገኛላችሁ፤ ነገር ግን ይህ የኬይሊና የሃሚልተን ቴዎረም ስለሆነ ለማንኛውም ማትሪክስ እውነት ነው፤ ስለ ዲያጎናልነት ምንም አይነግረንም። ፈተናው ፈተና የሚሆነው ድግግሞሹን ስናስወግድ ነው።

በዚህ ምሳሌ ላይ ሐቀኛ ለመሆን፣ የመጀመሪያው መንገድም እኩል ፈጣን ነበር። A − 2I ሦስቱም ረድፎቹ የ (1, 2, 1) ብዜቶች ስለሆኑ ራንኩ 1 ነው፤ አይገንስፔሱም ዳይሜንሽኑ 2 ነው። የ B − 2I ራንክ 2 ስለሆነ አይገንስፔሱ ዳይሜንሽኑ 1 ብቻ ነው። 5 ድግግም ስላልሆነ መመርመርም አያስፈልገውም። ሦስት በሦስት ለሆነና ሥሮቹ በግልጽ ለሚታዩ ማትሪክስ ማንኛውንም መንገድ ብትመርጡ አልከራከራችሁም።

ነገር ግን ብዜቱ ከ«አዎ» እና ከ«አይደለም» የበለጠ ነገር ይዟል። (A − 2I)(A − 5I) = 0 ማለት የ A − 5I ዓምዶች ሁሉ በ A − 2I ሲመቱ ይጠፋሉ ማለት ነው። ስለዚህ እነዚያ ዓምዶች የ 2 አይገንቬክተሮች ናቸው። እውነትም (−2, 1, 0) እና (1, 1, −3) በሊኒየር ነጻ የሆኑ ሁለት አይገንቬክተሮች ሆነው ተገኝተዋል። ሁለቱ ፋክተሮች ቦታ ቢለዋወጡም ብዜቱ አይለወጥምና፣ የ A − 2I ዓምድ የሆነው (1, 1, 0) በተመሳሳይ መንገድ የ 5 አይገንቬክተር ነው። አንድም የእኩልታ ሥርዓት ሳንፈታ ቤዚሱ በእጃችን ገብቷል።

የቴዎረሙ ማረጋገጫም እዚሁ ውስጥ ተቀምጧል። (A − 2I) − (A − 5I) = 3I መሆኑን አስተውሉ። ስለዚህ ማንኛውንም ቬክተር v እንዲህ ልንጽፈው እንችላለን፦

```
v = (1/3)(A − 2I)v − (1/3)(A − 5I)v
```

የመጀመሪያው ክፍል በ 5 አይገንስፔስ፣ ሁለተኛው ክፍል በ 2 አይገንስፔስ ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ቬክተር የአይገንቬክተሮች ድምር ሆኖ ተገኘ ማለት ነው፤ ዲያጎናል ለመሆን የሚፈለገውም ይኸው ነው። ይህ ሊሆን የቻለው 5 − 2 ዜሮ ስላልሆነና በ 3 ማካፈል ስለቻልን ነው። ፋክተሮቹ ከሁለት ቢበዙም ሥሮቹ የተለያዩ እስከሆኑ ድረስ የላግራንዥ ኢንተርፖሌሽን ያንኑ ሥራ ይሠራል። በተቃራኒው አቅጣጫ ደግሞ፣ የአይገንቬክተሮች ቤዚስ ካለን እያንዳንዱ የቤዚሱ አባል በአንዱ ፋክተር ይጠፋል፤ ስለዚህ ብዜቱ ዜሮ ይሆናል።

አሁን ሁለቱ መንገዶች ወደሚለያዩበት እንሂድ። p(x) = x⁵ − x − 1 የተባለውን ፖሊኖሚያል እንውሰድ። ሥሮቹን ከራሽናል ቁጥሮች ተነሥተን በአራቱ መደበኛ ስሌቶችና በሥር ምልክቶች መጻፍ እንደማይቻል ከጋልዋ ቲዎሪ ይታወቃል። C የዚህ ፖሊኖሚያል ኮምፓኒየን ማትሪክስ ይሁን፤ አምስት በአምስት ነው፤ ካራክተሪስቲክ ፖሊኖሚያሉም ሚኒማል ፖሊኖሚያሉም p ራሱ ነው። ከእርሱ ሁለት አሥር በአሥር ማትሪክሶች እንሥራ፦

```
M = | C 0 |      N = | C I |
    | 0 C |          | 0 C |
```

የሁለቱም ካራክተሪስቲክ ፖሊኖሚያል p² ነው። በኮምፕሌክስ ቁጥሮች ላይ ወደ ዲያጎናል የሚለወጠው የትኛው ነው? አይገንስፔሶቹን አንድ በአንድ ለመለካት የሚነሣ ሰው ገና በመጀመሪያው እርምጃ ይቆማል፤ M − λI ብሎ ለመጻፍ λ ምን እንደሆነ ማወቅ አለበትና። በኮምፒውተር ተጠግቶ ግምታዊ ዋጋ ቢያስገባም አይጠቅመውም፤ በግምታዊ λ የተቀነሰ ማትሪክስ በአጠቃላይ ተገላባጭ ያለው ይሆናል፤ አይገንስፔሱም ባዶ ሆኖ ይታያል።

ሚኒማል ፖሊኖሚያል ግን ሥሮቹን ሳያውቅ ድግግሞሹን ያስወግዳል። አንድ ፖሊኖሚያል f ድግግም ሥር ሲኖረው ያ ሥር የዴሪቬቲቩም የ f′ ሥር ነው። ስለዚህ f ን ለ f እና ለ f′ ትልቁ የጋራ አካፋይ ስናካፍለው፣ እያንዳንዱን ሥር አንድ ጊዜ ብቻ የያዘ ፖሊኖሚያል r ይቀረናል። ትልቁ የጋራ አካፋይ ደግሞ በዩክሊድ ዘዴ፣ ማለትም በተደጋጋሚ ማካፈል ብቻ ይገኛል። ኮኤፊሸንቶቹ ራሽናል ከሆኑ ስሌቱ ሁሉ በራሽናል ቁጥሮች ውስጥ ይቆያል። የሚቀረው r ን በማትሪክሱ ላይ ማስላት ነው። ዜሮ ከሆነ ማትሪክሱ በኮምፕሌክስ ቁጥሮች ላይ ወደ ዲያጎናል ይለወጣል፤ ካልሆነ አይለወጥም።

በምሳሌያችን f = p² ስለሆነ r = p ይሆናል። M⁵ − M − I ዜሮ ነው፤ በሁለቱም ብሎኮች ላይ p(C) = 0 ነውና። ለ N ስናሰላ ግን በላይኛው ቀኝ ብሎክ ላይ p′(C)፣ ማለትም 5C⁴ − I ይቀራል። p ድግግም ሥር ስለሌለው p′(C) ተገላባጭ አለው፤ ስለዚህ ከቶ ዜሮ ሊሆን አይችልም። እንግዲህ M ይለወጣል፣ N አይለወጥም፤ አንድም አይገንቫልዩ ሳንጠራ ወሰንን።

ሁለተኛው ልዩነት የሚታየው ማትሪክሱ በቁጥሮች ሳይሆን በአንድ ባሕርይ ሲሰጠን ነው። 100 በ 100 በሆኑ የሪል ቁጥር ማትሪክሶች ስብስብ ላይ እያንዳንዱን ማትሪክስ ወደ ትራንስፖዙ የሚወስደውን ኦፐሬተር T አስቡ። ይህ ስብስብ ዳይሜንሽኑ 10,000 ስለሆነ የ T ማትሪክስ 10,000 በ 10,000 ነው። ማንም ቁጭ ብሎ ሊጽፈው አይሞክርም። ነገር ግን ትራንስፖዝን ሁለት ጊዜ ማድረግ ወደ መነሻው ይመልሰናልና T² = I ነው። T የ x² − 1 = (x − 1)(x + 1) ሥር ሆነ፤ ፋክተሮቹ የተለያዩ ናቸው፤ ጥያቄው ተዘጋ። ሲሜትሪክ የሆኑት ማትሪክሶች 5,050፣ አንቲሲሜትሪክ የሆኑት 4,950 ዳይሜንሽን እንዳላቸው መቁጠር ይቻላል፤ ውሳኔው ግን ይህን ቆጠራ አልጠበቀም።

ይህ አቋራጭ ግን በየትኛው ፊልድ ላይ እንደምንሠራ ካልጠየቅን ያሳስታል። T² = I የሚለው እኩልታ የሚበቃን 1 እና −1 የተለያዩ ስለሆኑ ነው። ሁለት አባላት ብቻ ባሉት ፊልድ ላይ 1 እና −1 አንድ ናቸው፤ x² − 1 ደግሞ (x − 1)² ይሆናል። በዚያ ፊልድ ላይ የሚከተለው ማትሪክስ ካሬው I ቢሆንም ወደ ዲያጎናል አይለወጥም፦

```
| 1 1 |
| 0 1 |
```

እንደዚሁም ቬክተሮችን በ 90 ዲግሪ የሚያዞረው ማትሪክስ ሚኒማል ፖሊኖሚያሉ x² + 1 ነው። በኮምፕሌክስ ቁጥሮች ላይ ይለወጣል፤ በሪል ቁጥሮች ላይ ግን ፖሊኖሚያሉ ወደ አንደኛ ዲግሪ ፋክተሮች ስለማይከፈል አይለወጥም። «የተለያዩ» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም፤ «የአንደኛ ዲግሪ» የሚለውም የቴዎረሙ አካል ነው።

የመጨረሻው ገደብ የሚመለከተው በኮምፒውተር በአስርዮሽ ግምት የምትሠሩትን ነው። የማትሪክሱ ቁጥሮች ከልኬት የመጡ ከሆኑ ብዜቱ በትክክል ዜሮ ሆኖ አይወጣም። የሚከተለውን እንመልከት፦

```
| 2  1          |
| 0  2 + 10⁻¹⁰  |
```

አይገንቫልዩዎቹ የተለያዩ ስለሆኑ ይህ ማትሪክስ በሒሳብ ሕግ ወደ ዲያጎናል ይለወጣል። አይገንቬክተሮቹ ግን (1, 0) እና (1, 10⁻¹⁰) ናቸው፤ ሊለዩ በማይችሉበት ደረጃ ተቀራርበዋል። ቤዚሱን የሚለውጠውን ማትሪክስ ስንገለብጥ 10¹⁰ የሚያህሉ ቁጥሮች ብቅ ይላሉ፤ በልኬቱ ውስጥ የነበረው ትንሽ ስሕተትም በዚያው መጠን ይባዛል። በዚህ ሁኔታ ሚኒማል ፖሊኖሚያልም፣ የአይገንስፔስ ቆጠራም አያድኑንም፤ ከትንሿ ቁጥር በላይ ወይም በታች ያለ አንድ የማጠጋጋት ስሕተት መልሱን ከ«ይለወጣል» ወደ «አይለወጥም» ሊያሻግረው ይችላልና። ለእንዲህ ያለው ማትሪክስ የሹርን ትሪያንጉላር ቅርጽ ተጠቀሙ፤ እርሱ በዩኒተሪ ማትሪክሶች ብቻ ስለሚሠራ ስሕተትን አያጎላም፣ ዲያጎናል የመሆን ጥያቄንም እንድንመልስ አይጠይቀንም።