ስንት ሰው? ማን ይወስናል? ማን ይጠየቃል?

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የማኔጅመንት ተመራቂዎች ዲግሪያቸውን ከመያዛቸው በፊት የመውጫ ፈተና ይፈተናሉ። ፈተናው የምርጫ ጥያቄ ነው። የድርጅት መዋቅርን የሚመለከቱ ጥያቄዎች ሲመጡ ትርጉሙን በቃሉ የያዘ ተማሪ እንኳ ይሳሳታል፤ የተለያዩ ሦስት ነገሮች አንድ መስለው ስለሚታዩት ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ እንውሰድ።

«64 ሠራተኞች ባሉት ድርጅት አንድ አለቃ የሚቆጣጠረው 4 ሰው ነበር። አሁን 8 ሆነ። ምን ይከተላል? ሀ) የአመራር እርከን ይጨምራል፤ ለ) የአለቆች ቁጥር ይቀንሳል፤ ሐ) የመወሰን ሥልጣን ወደ ታች ይወርዳል፤ መ) ቁጥጥሩ ይበልጥ የቅርብ ይሆናል።»

አንድ አለቃ በቀጥታ የሚመራው ሰው ብዛት የቁጥጥር ስፋት ይባላል። ስፋቱ 4 ሲሆን 64ቱን ሠራተኞች 16 የቡድን መሪዎች ይመራሉ፤ እነሱን 4 ኃላፊዎች፣ ኃላፊዎቹን ደግሞ አንድ ሥራ አስኪያጅ። በድምሩ 21 አለቆች በሦስት እርከን ተደርድረዋል፤ ይህ ረጅም መዋቅር ነው። ስፋቱ 8 ሲሆን 8 የቡድን መሪዎችና አንድ ሥራ አስኪያጅ ይበቃሉ፤ 9 አለቆች በሁለት እርከን። ይህ ጠፍጣፋው ነው። ስለዚህ መልሱ ለ ነው። ስፋቱ ሲጨምር እርከኑ ስለሚያጥር ሀ ይወድቃል። አንድ አለቃ ጊዜውን ለ8 ሰው ስለሚያካፍል መ አያስኬድም።

ብዙ ተፈታኝ የሚወስደው ሐን ነው። እርከን ሲቀንስ ሥልጣንም አብሮ የሚወርድ ይመስላል። ነገር ግን 9 አለቆች ባሉት ድርጅት ሥራ አስኪያጁ እያንዳንዱን ግዢና ፈቃድ ራሱ የሚፈርም ከሆነ መዋቅሩ ጠፍጣፋ፣ አሠራሩ ግን የተማከለ ነው። በአንጻሩ ረጅም መዋቅር ያለው ባንክ እስከ ተወሰነ መጠን ያለውን ብድር የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁ እንዲያጸድቅ ሊፈቅድ ይችላል። የመዋቅሩ ቅርጽ የውሳኔውን ቦታ አይነግረንም።

ሦስተኛው ወጥመድ ውክልና ነው። አለቃ ለአንድ ሠራተኛ ሥራና ሥልጣን በውክልና ሲሰጥ፣ ሠራተኛው ለአለቃው መልስ ይሰጣል፤ አለቃው ግን ለበላዩ ተጠያቂ እንደሆነ ይቀራል። «ሥልጣኑን ከሰጠ በኋላ አለቃው ከተጠያቂነት ነፃ ነው» የሚል አማራጭ ስህተት ነው። ያልተማከለ አሠራር ደግሞ ከዚህ ይሰፋል፤ የመወሰን ሥልጣን በድርጅቱ ደንብ ለታችኛው እርከን ሲመደብ ነው እንጂ አንድ አለቃ ለአንድ ሰው ሲሰጥ አይደለም።

«ትክክለኛው ስፋት ስንት ነው?» ለሚል ጥያቄ ደግሞ አንድ ቁጥር ብቻውን መልስ አይሆንም። ሥራው ተመሳሳይ፣ ሠራተኛው የሠለጠነ፣ ቦታው አንድ ከሆነ ስፋቱ ይጨምራል፤ ሥራው ውስብስብ፣ ሠራተኛው አዲስ ወይም የተበታተነ ከሆነ ይጠባል። ጥያቄው ውስጥ ከእነዚህ ሁኔታዎች የተጠቀሰውን መፈለግ መልሱን ይሰጣል።