በደረሰኝ ድምር ውስጥ ያለውን ታክስ ከዕቃው ዋጋ ስለ መለየት

በኢትዮጵያ የተጨማሪ እሴት ታክስ ከ1995 ዓመተ ምሕረት ጀምሮ የሚከፈለው ከመቶ 15 ሆኖ ነው። ደረሰኙ ታክሱን ለብቻው ካልጻፈና «ታክስን ጨምሮ» ብሎ ድምሩን ብቻ ካሳየ፥ የትምህርት ቤት ሂሳብ ያዥ ኹለቱን ራሱ መለየት ይገባዋል።

ለምሳሌ አንድ ትምህርት ቤት 50 ሳሙና እያንዳንዱን በ20 ብር ገዛ፤ ድምሩም ታክሱን ጨምሮ 1000 ብር ሆነ እንበል። ብዙ ሰው የ1000 ብር ከመቶ 15 ወስዶ ታክሱ 150 ብር፥ ዋጋው 850 ብር ነው ይላል። ይህ ስሕተት ነው። የ850 ብር ታክስ 127 ብር ከ50 ሳንቲም ስለ ሆነ ድምሩ 977 ብር ከ50 ሳንቲም ብቻ ይመጣል እንጂ 1000 ብር አይሞላም። ምክንያቱም 15ቱ የሚታሰበው ከዋጋው ላይ ነው እንጂ ከድምሩ ላይ አይደለም።

ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው። የ100 ብር ዕቃ ከታክሱ ጋራ 115 ብር ይሆናል። ሦስቱንም ቍጥር ለ5 ብናካፍል ዋጋው 20 እጅ፥ ታክሱ 3 እጅ፥ ድምሩ 23 እጅ ይሆናል። ስለዚህ ድምሩን በ3 አብዝቶ ለ23 ማካፈል ታክሱን ይሰጣል። 3000 ለ23 ሲካፈል 130.4347 ይሆናልና ታክሱ 130 ብር ከ43 ሳንቲም ነው። ዋጋውም ከ1000 ብር ይህ ሲቀነስ የሚተርፈው 869 ብር ከ57 ሳንቲም ነው።

ሳንቲሙን ስለ ማጠጋጋት ሦስት ነገር ልብ ይሏል። መጀመሪያ፥ ስሌቱ ሳያልቅ ማጠጋጋት አይገባም፤ «ታክሱ ከድምሩ ከመቶ 13 ያህል ነው» ብሎ የሚያሰላ ሰው 130 ብር ብቻ አግኝቶ 43 ሳንቲም ያጐድላል። ኹለተኛ፥ የአንዱን ሳሙና ታክስ 2 ብር ከ61 ሳንቲም ብሎ በ50 የሚያበዛ ሰው 130 ብር ከ50 ሳንቲም ያገኛል፤ የያንዳንዱ ጥቂት ትርፍ ተጠራቅሞ 7 ሳንቲም ሆኗልና። ስለዚህ ታክሱ ከጠቅላላው ድምር አንድ ጊዜ ብቻ ይውጣ። ሦስተኛ፥ ዋጋውን ለብቻው አጠጋግቶ ከመጻፍ ይልቅ ታክሱን ከድምሩ መቀነስ ይሻላል፤ ያን ጊዜ ኹለቱ ሲደመሩ ምንጊዜም የተከፈለውን ገንዘብ ይመልሳሉ።

ነገር ግን መርማሪው ከ869 ብር ከ57 ሳንቲም ተነሥቶ ከመቶ 15 ቢያሰላ 130 ብር ከ44 ሳንቲም ያገኛል፤ ድምሩም ከ1000 ብር በ1 ሳንቲም ይበልጣል። ይህ ዋጋው አስቀድሞ በመጠጋጋቱ የመጣ ነው እንጂ ነጋዴውም ሂሳብ ያዡም አላጐደሉም። በአንድ ደረሰኝ ላይ የ1 ሳንቲም ልዩነት ሰውን አያስጠይቅም፤ በዚሁ ደረሰኝ 150 ብር ታክስ ተጽፎ ቢገኝ ግን 19 ብር ከ57 ሳንቲም ያለ አግባብ ተጨምሯልና መዝገቡ ሊታረም ይገባል።