«ማሬ» የተባለው አባወራ

አንድ ኬክ ቤት ገጹን እንድይዝለት ሲጠራኝ መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር የቆዩ መልሶቹን ማንበብ ነበር። ስልኩን ተቀብዬ ከፌስቡክ ኮመንቱና ከቴሌግራም የውስጥ መስመሩ ስድሳ ያህል መልስ ወደ ደብተሬ ገለበጥኩ። «ዋጋው ስንት ነው?» ለሚል ለአንድ ጥያቄ ብቻ ሦስት ዓይነት መልስ አገኘሁ። አንዱ «ውድ ደንበኛችን፣ ለዝርዝር መረጃ በስልክ ቁጥራችን እንዲደውሉልን በትህትና እንጠይቃለን» ይላል። ሌላው «ማሬ 1,600 ብር ነው፣ ልላክልሽ?» ይላል። ሦስተኛው «ኢንቦክስ» ብሎ ዝም። «ማሬ» የተባለውን ሰው ፎቶ ከፍቼ አየሁት፤ ጺሙ ደረቱ ላይ የደረሰ አባወራ ነው።

ሦስቱን መልሶች የጻፉት ሦስት ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያውን የቤቱ ባለቤት እናት፣ ሁለተኛውን ልጃቸው፣ ሦስተኛውን ካሸሯ። ከውጭ ሆኖ ለሚያየው ግን ሁሉም በአንድ ስምና በአንድ ሎጎ የወጡ ናቸው፤ ቤቱ ጠዋት ደብዳቤ ጸሐፊ፣ ከሰዓት የሰፈር ጓደኛ፣ ማታ ደግሞ አኩራፊ ይሆናል። በሙያው «ብራንድ ቮይስ»፣ የድርጅት ድምፅ፣ የምንለው ይህ መለዋወጥ እንዲቆም የሚደረግ ስምምነት ነው፤ ስልኩን ማንም ያንሳው ማን፣ የሚናገረው ያው አንድ ሰው እንዲመስል።

እናትና ልጅን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳቸው። እናት «ደንበኛ ይከበራል፤ መቀለድ የፈለገ ቤቱ ይቀልድ» አሉ። ልጅቷ «እማ፣ እንደዚህ ከጻፍን እኮ ኬክ ቤት ሳይሆን ቀበሌ ነው የምንመስለው» አለች። ሁለቱም እውነት አላቸው። የተሳሳቱት፣ ብዙ ሰውም የሚሳሳተው፣ ተጫዋችነትና መደበኛነት የአንድ ገመድ ሁለት ጫፎች ናቸው ብለው ማሰባቸው ላይ ነው።

በ2016 (እ.ኤ.አ.) ኒልሰን ኖርማን ግሩፕ የተባለው የአሜሪካ አጥኚ ድርጅት የጽሑፍ ቃናን በአራት መለኪያ ከፍሎ አቅርቦ ነበር። ቀልድ ወይስ ቁምነገር፤ መደበኛ ወይስ ዘና ያለ፤ አክባሪ ወይስ ደፋር፤ ሞቅ ያለ ወይስ ረጋ ያለ። ከዚህ የምወደው ቀልድና መደበኛነት ለየብቻቸው መቀመጣቸውን ነው። ለአማርኛ ደግሞ ነገሩ አዲስ አይደለም። ጥሩ ክትፎ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል፤ አስተናጋጁ ሽማግሌውን ደንበኛ «እርስዎ» እያለ፣ ከወገቡ ጎንበስ እያለ፣ ሆዳቸውን ይዘው እስኪስቁ ያጫውታቸዋል። ክብሩ በግሱ ላይ ነው፤ ጨዋታው በነገሩ ላይ።

እንግሊዝኛ ተናጋሪ ኩባንያ ይህ ራስ ምታት የለበትም፤ ለሕፃኑም ለአያቱም ያለው ተውላጠ ስም አንድ ነው። ጀርመንኛ ሁለት ስላለው፣ የስዊድኑ ኢኬያ ጀርመን ውስጥ ደንበኛውን በወዳጅ አጠራር «አንተ» እያለ መጥራቱ ራሱ የድርጅቱ መለያ ሆኖለታል። አማርኛ ከዚያም ይከብዳል፤ ወንድ ወይስ ሴት የሚለውን ሳይወስኑ «ትፈልጋለህ» ወይም «ትፈልጊያለሽ» ማለት አይቻልም። የፌስቡክ ስም ደግሞ ያሳስታል። «ደስታ» ወንድ ነው ሴት? ፎቶው አበባ ከሆነስ? ስለዚህ ስለ ቀልድ ከማውራታችን በፊት ደብተሩ ላይ የጻፍነው የመጀመሪያ መስመር ይህ ነበር፦ ለሁሉም በምንለጥፈው ጽሑፍ «እናንተ»፣ ለአንድ ሰው በምንሰጠው መልስ «እርስዎ»፤ «አንተ»ና «አንቺ» የሉም፣ «ማሬ»ም «የኔ ቆንጆ»ም የሉም። ልጅቷ ትንሽ አኮረፈች። ሁለተኛው መስመር እሷን ለማስደሰት ነበር፤ መቀለድ ይቻላል፣ የሚቀለደው ግን በኬኩ ወይም በራሳችን ላይ ነው እንጂ በደንበኛው ላይ አይደለም።

ከዚያ ፈተናው መጣ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ቤቱ የጾም ኬክ ጋገረ። የእናትየው ካፕሽን ይህ ነበር፦

«ድርጅታችን ለጾም ወቅት የሚሆን ኬክ ማዘጋጀቱን ለክቡራን ደንበኞቻችን በታላቅ ደስታ ይገልጻል።»

የልጅቷ ደግሞ፦

«ጾም ላይ ነሽ? እኛ ደግሞ ፈተና ይዘንልሽ መጣን 😂»

የእናትየው ስድብ የለውም፣ መረጃም የለውም። ዋጋ የለም፣ እስከ መቼ እንደሚታዘዝ የለም፣ የሚናገር ሰው ራሱ የለም፤ «ድርጅታችን ይገልጻል» ሲባል የሚታየኝ ማኅተም እንጂ መጋገሪያ አይደለም። የልጅቷ ይስባል። ግን ሁለት ነገር አበላሽቷል። በሰው ጾም መቀለዱ አንዱ ነው። ሁለተኛውን እኔም ወዲያው አላየሁትም ነበር፤ ያዩት እናትየው ናቸው። «ፈተና ካልሽው እኮ ቅቤ አለው ማለት ነው» አሉ። እውነት ነው። ኬኩ የሚሸጠው ንጹሕ የጾም በመሆኑ ነው፤ ቀልዱ ግን ጿሚውን አጠራጥሮ ይመልሰዋል። ተጫዋች ካፕሽን ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው እንዲህ ነው፤ ሳቁ ዋናውን መረጃ ይውጠዋል። መለያው ቀላል ነው፤ ቀልዱን አውጥተህ የቀረውን አንብብ። ምንም ካልቀረ ካፕሽን አልጻፍክም።

በመጨረሻ የወጣው ይህ ነው፦

«የጾም ኬክ ዛሬ ወጥቷል። ቅቤ የለውም፣ ወተት የለውም፣ እንቁላል የለውም። እኛም ‹ታዲያ ምን ቀረው?› ብለን ነበር፤ ቀምሰን ዝም አልን። ኪሎው 1,600 ብር። ለነገ የምትፈልጉ ዛሬ እስከ 11 ሰዓት እዘዙን።»

ቀልዱ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፣ የተቀለደባቸውም ጋጋሪዎቹ ናቸው። ዋጋው ፊት ለፊት በመቀመጡም «ስንት ነው?» የሚለው ኮመንት ቀነሰ። («ዋጋ በኢንቦክስ» የሚለውን ልማድ በተመለከተ፦ እሱም ድምፅ ነው። የሚሰማው «ፊትህን አይቼ እነግርሃለሁ» ተብሎ ነው።)

ካፕሽን ግን ቀላሉ ሥራ ነው፤ ተረጋግተህ፣ አስበህ፣ አሳይተህ ትለጥፈዋለህ። ድምፅ የሚፈተነው መልስ ላይ ነው፤ ምክንያቱም እዚያ ቃናውን ይዞ የሚመጣው ሌላው ሰው ነው። ድምፁ አይለወጥም፣ ቃናው ግን እንደ ሰዓቱ መለወጥ አለበት፤ ያው አንድ ሰው ሠርግ ቤትና ለቅሶ ቤት እንደሚናገረው። ይህን የዘነጋ ትልቅ ኩባንያም ይወድቃል። በመስከረም 2014 (እ.ኤ.አ.) በትዊተር ላይ ሴቶች #WhyIStayed በሚል ሃሽታግ ከሚደበድባቸው ሰው ጋር ለምን እንደቆዩ ይናገሩ ነበር። ዲጆርኖ የተባለው የአሜሪካ ፒዛ ሻጭ ሃሽታጉ ስለምን እንደሆነ ሳያነብ ፒዛ ስለነበረ ነው የሚል ቀልድ ወረወረበት። ወዲያው አጠፋው፣ ይቅርታም ጠየቀ፤ የተቆጡትን ሰዎች አንድ በአንድ እየመለሰ። በአዘቦት ቀን ያ ገጽ የሚወደደው በቀልዱ ነበር።

የእኛ ኬክ ቤት የራሱ መከራ ከዚያ ያነሰ ነበር፤ ለደረሰባት እናት ግን አያንስም። የልደት ኬክ ለ9 ሰዓት ታዞ፣ 10 ሰዓት ሲሆን አልደረሰም። ሴትየዋ ኮመንት ላይ «ኬኩ የለም፣ ልጄ እያለቀሰች ነው» ብለው ጻፉ። ተረኛዋ «ኬካችንም ትራፊክ ውስጥ ሻማውን አብርቶ እያለቀሰ ነው 😂» አለች። ሕጉን አልጣሰችም፤ የቀለደችው በኬኩ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ግን ኬኩ የሴትየዋ ሆኗል። እናትየው ደንግጠው ከሥር «ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን» ብለው ጨመሩበት። ይሄኛው የባሰ ነው እላለሁ። መጉላላቱን ማን ፈጠረው? ራሱ ተፈጠረ። ኬኩ የት ነው? አልተባለም። መደበኛ ቋንቋ አክብሮት የሚመስለን ብዙ ጊዜ ጥፋተኛውን ስለሚደብቅልን ነው።

በማግስቱ ሁለቱንም አጥፍተን ምን መባል እንደነበረበት ጻፍን፦

«ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ዘግይተን ነው የላክነው። ሞተረኛው አሁን መገናኛ ደርሷል፣ እስከ 10፡30 እጅዎ ይገባል። ስልኩን በውስጥ መስመር ልከንልዎታል። የማድረሻ አናስከፍልም።»

እዚህ ውስጥ ቀልድ የለም፣ «ውድ ደንበኛችን»ም የለም። ድምፁ ግን ያው የጾሙ ካፕሽን ድምፅ ነው፤ አጭር ዓረፍተ ነገር፣ «እኛ» የሚል ባለቤት፣ «እርስዎ»፣ ቁጥሩ ፊት ለፊት። ድምፅ ተጫዋች የሚሆነው በቀልዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀልዱ ሲነሳ ምንም ባልቀረ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ካሸሯ ጀርባ ያለው ግድግዳ ላይ ቀልድ የሚቆምባቸው አራት ነገሮች የተጻፉበት ወረቀት ተለጥፏል። የደንበኛ ገንዘብ ጠፍቶ ከሆነ፤ ምግቡ ያሳመመው ሰው ካለ ወይም ለውዝ አለው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ከመጣ፤ ኬኩ ከቀጠሮው ካለፈ፤ ደንበኛው ሐዘን ካነሳ። ከነዚህ አንዱ ሲመጣ ኢሞጂ አይገባም፣ ስልክ ይደወላል። አምስተኛ ጨምሪ ያለኝ ነበር፣ ደንበኛው ሲሳደብ። አልጨመርኩም። ለሚሳደብ ሰው ረጋ ያለች አንዲት ጨዋታ አንዳንዴ ትሠራለች፤ እዚያ የሰው ፍርድ እንጂ ወረቀት አያዋጣም።

ሌላ የተማርነው ዘዴ፣ አጠራሩ ሲያስጨንቅ ሰውየውን ጨርሶ አለመጥራት ነው። ራሱ ደንበኛው «አንቺ» እያለ ለሚጽፍ፣ ወይም ገና የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ መሆኗ ለሚያስታውቅ፣ «እርስዎ» ይከብዳል። ያን ጊዜ «አለ። ኪሎው 1,600 ነው። ማክሰኞ ጠዋት ይደርሳል» ማለት ይበቃል። ግሱ ሁሉ የኬኩ ነው፤ ማንም አልተናቀ፣ ማንም አላረጀ።

ባለፈው ወር ገጹን ስከፍት አንዲት ደንበኛ «ጣፋጭ ነበር፣ ግን እኔ ሳልቀምስ ልጆቹ ጨረሱብኝ» ብለው ጽፈዋል። ከሥሩ መልስ አለ፦ «የእኛም ቤት እንደዚሁ ነው። ለሚቀጥለው አንድ ቁራጭ መደበቂያ ያዘጋጁ፤ እኛ ምጣድ ውስጥ ነው የምናስቀምጠው።» ልጅቷን ደውዬ አደነቅኋት። «እኔ አይደለሁም፣ እማ ናት» አለች።