የአርባኛው ወንበር ባለቤት

አዳራሹ 40 ወንበር አለው። ሥልጠናው ሊጀመር ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው በር ላይ ተሰልፈው ማረጋገጫቸውን በስልካቸው የሚያሳዩት ሰዎች ግን 43 ናቸው። ሁሉም ከፍለዋል። አዘጋጁ የምዝገባ ገጹን ወደሠራለት ልጅ ይደውላል። ልጁ ገጹን ከፍቶ ያገላብጠዋል፣ አንድም የተበላሸ ነገር አያገኝም። እውነቱን ነው፤ ገጹ የታዘዘውን ሁሉ አድርጓል። ጥፋቱ ያለው ትእዛዙ ላይ ነው።

እንዲህ ያለው ነገር እንዴት እንደሚፈጠር ለማየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አዲስ አበባ ውስጥ የሁለት ቀን የሒሳብ አያያዝ ሥልጠና የሚሰጥ አዘጋጅ አለ እንበል። አራት ዓይነት ትኬት ይሸጣል፦ ቀድሞ ለሚከፍል በቅናሽ፣ መደበኛ፣ ለተማሪ፣ እንዲሁም አምስት ሠራተኛ ለሚልክ ድርጅት የቡድን ትኬት። ገጹ ለእያንዳንዱ ትኬት «ብዛት» የሚል ሣጥን ስላለው አዘጋጁ ሣጥኖቹን ይሞላል፦ ቅናሹ 15፣ መደበኛው 20፣ የተማሪው 8፣ የቡድኑ 4። ሲደመር 47 ነው። የሚቀር አይጠፋም ብሎ ሰባት ጨምሯል እንበል። ነገር ግን አንዱ የቡድን ትኬት አምስት ሰው ያስቀምጣል። አራቱ ትኬቶች 20 ወንበር ናቸው፤ ስለዚህ ለ40 ወንበር 63 ቦታ ለገበያ ቀርቧል ማለት ነው። 43 ሰው ብቻ መምጣቱ ዕድል ነው።

መፍትሔው ትኬትንና ወንበርን ለያይቶ መቁጠር ነው። ወንበሩ የሁሉም ትኬቶች የጋራ ነው፤ ቁጥሩም አንድ ብቻ፣ 40። እያንዳንዱ የትኬት ዓይነት ከዚህ ከጋራው ስንት ወንበር እንደሚወስድ ይጻፍበታል፤ መደበኛው አንድ፣ የቡድኑ አምስት። የተማሪው «8» ደግሞ ጣሪያ ይሆናል፣ ከስምንት ተማሪ በላይ አይገባም ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙ አዘጋጆች የሚሳሳቱበት ነገር አለ፤ ጣሪያ መጠባበቂያ አይደለም። መደበኛ ተመዝጋቢዎች ቀድመው 40ውን ከሞሉት ስምንቱ የተማሪ ቦታ የለም። ለተማሪ በእርግጥ ቦታ መያዝ ከተፈለገ ስምንቱን ወንበር ከጋራው ላይ ቀንሶ ለብቻው ማስቀመጥ፣ በስንት ቀን ባይያዝ ወደ ጋራው እንደሚመለስም አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል።

አሁን 36 ወንበር ተይዟል እንበል። አንድ የድርጅት ሰው የቡድን ትኬት ይመርጣል። 36 እና 5 ሲደመር 41 ስለሚሆን ገጹ እምቢ ማለት አለበት። ግን «ሞልቷል» ብሎ መመለሱ ውሸት ነው፤ አራት ወንበር አለና። «ለአምስት ሰው አይበቃም፣ የቀረው አራት ነው» ቢለው ሰውየው አራት ሠራተኛ ሊልክ ይችላል። በእኔ እምነት አንድ የምዝገባ ገጽ በደንብ የታሰበበት መሆኑ ከሚለይባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ መልእክት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ችግር ከአዘጋጁ ሣጥን አይደለም፣ ከፕሮግራሙ ነው። 39 ተይዞ አንድ ቀርቷል። ሁለት ሰዎች በተመሳሳይ ሰከንድ «ተመዝገብ» የሚለውን ይጫናሉ። በችኮላ የተጻፈ ፕሮግራም መጀመሪያ «ስንት ቀረ?» ብሎ ዳታቤዙን ይጠይቃል፣ መልሱን ይዞ ይመለሳል፣ ከዚያ ስሙን ይጽፋል። የሁለቱም ጥያቄ የደረሰው ማንም ከመጻፉ በፊት ስለሆነ ለሁለቱም «አንድ ቀርቷል» የሚል መልስ ይሰጣል። ባለ ሁለት በር አውቶቡስ ላይ ሁለት ረዳቶች፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ፣ «አንድ ሰው የቀረው!» እያሉ እንደሚጣሩት ነው። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ የሚሳፈረው ግን ሁለት ሰው ነው።

መጠየቁና መጻፉ መሀላቸው ክፍተት የሌለው አንድ ትእዛዝ ሲሆኑ ችግሩ ይጠፋል፦

```sql
UPDATE training
SET taken = taken + 1
WHERE id = 7 AND taken + 1 <= 40;
```

ትእዛዙ የሚለው «ሲጨመር ከ40 የማያልፍ ከሆነ ብቻ በተያዘው ላይ አንድ ጨምር» ነው። እንደ PostgreSQL እና MySQL ያሉ ዳታቤዞች ይህን መስመር አንዱ እየለወጠው ሳለ ሌላውን ያስጠብቁታል፤ ተራው ሲደርስም ሁኔታውን እንደገና ያያሉ። የመጀመሪያው «አንድ መስመር ተለወጠ» የሚል መልስ ያገኛል፣ ወንበሩም የእሱ ነው። ሁለተኛው «ዜሮ» ይባላል፤ እሱ ወደ ተጠባባቂዎች ዝርዝር ይሄዳል። ለቡድን ትኬት በአንዱ ቦታ 5 ይገባል፣ ሌላው አይለወጥም።

አዘጋጁ ፕሮግራም ባያውቅም ይህን ማስፈተሽ ይችላል። አንድ ወንበር ብቻ ያለው የሙከራ ሥልጠና ይከፈትና በአንድ ጊዜ 50 የምዝገባ ጥያቄ እንዲላክበት ለፕሮግራመሩ ይነገረው። አንዱ ብቻ መሳካት አለበት። ሁለት ስልክ ይዞ እኩል ለመጫን መሞከር ግን አያስተማምንም፤ የክፍተቱ ርዝመት የሰከንድ ቅንጣት ስለሆነ የሰው ጣት አይደርስበትም።

ወንበር መያዝ አንድ ነገር፣ መክፈል ሌላ ነገር ነው። በመካከሉ ሰውየው ቴሌብር ይከፍታል፣ የሚስጥር ቁጥሩን ይረሳል፣ ኔትወርክ ይቋረጥበታል። ስለዚህ ገጹ ወንበሩን ለተወሰነ ጊዜ፣ ለምሳሌ ለ15 ደቂቃ፣ ይይዝለታል፤ ካልከፈለ ይለቀቃል። በባንክ አስተላልፎ የደረሰኙን ስክሪንሾት ለሚልክ ሰው 15 ደቂቃ አይበቃም። ለእሱ እስከ ማግስቱ መጠበቅ ይሻላል፤ ደረሰኙን ዐይቶ የሚያጸድቀው ሰው ነውና። ዋጋውም ወንበሩ በተያዘበት ሰዓት ያለው ዋጋ ሆኖ መጽናት አለበት። ቅናሹ እኩለ ሌሊት ላይ የሚያበቃ ከሆነ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ተመዝግቦ አምስት ደቂቃ ካለፈ በኋላ የከፈለ ሰው የቅናሹ ተጠቃሚ ነው።

አስቸጋሪው ክፍያው በ16ኛው ደቂቃ ሲደርስ ነው። ወንበሩ ተለቅቋል፣ ምናልባትም ሌላ ሰው ይዞታል፤ ገንዘቡ ግን ገብቷል። ብዙ ገጾች እዚህ ላይ ገንዘብ ስለደረሰ ብቻ «ተመዝግበዋል» ይላሉ፤ 41ኛው ሰው የሚፈጠረውም በዚህ በኩል ነው። ትክክለኛው አካሄድ ያንኑ ትእዛዝ እንደ አዲስ መሞከር ነው። ቦታ ካለ ይያዝለት። ከሌለ ለአዘጋጁ ማስታወቂያ ይድረሰውና ገንዘብ መመለስ ወይም የሚቀጥለው ዙር ይቅረብለት። የክፍያ ድርጅቶች አንዱን «ተከፍሏል» የሚል መልእክት ሁለት ጊዜ የሚልኩበት ጊዜ መኖሩም መታሰብ አለበት፤ መልስ ያልደረሳቸው ሲመስላቸው ይደግሙታል። ገጹ የግብይቱን ቁጥር መዝግቦ ሁለተኛውን ካላለፈው አንድ ሰው ሁለት ወንበር ይይዛል፣ ሁለት ኢሜይልም ይደርሰዋል።

ኢሜይሉ መላክ ያለበት ቁልፉ ሲጫን ሳይሆን ክፍያው ሲረጋገጥ ነው። ቀላል ይመስላል፤ ግን «ስለተመዘገቡ እናመሰግናለን» የሚል ደብዳቤ የደረሰው ያልከፈለ ሰው ጉዳዩ አልቋል ብሎ ይተኛል። ሁለት ደብዳቤ ይሻላል። የመጀመሪያው «ወንበር ይዘንልዎታል፣ እስከዚህ ሰዓት ይክፈሉ» ይላል፤ ሁለተኛው ከክፍያ በኋላ «ቦታዎ ተረጋግጧል» ብሎ የምዝገባ ቁጥሩን ይሰጣል። በሰርተፍኬቱ ላይ የሚታተመውን ስም እዚሁ ማሳየት በኋላ ብዙ ጣጣ ያስቀራል፤ አንድ ሰው ስሙ የተሳሳተ መሆኑን የሚያየው ታትሞ ሲሰጠው መሆን የለበትም።

የእኛን አገር ገጾች ከሌላው የሚለየው ቀንና ሰዓቱ ነው። ከውጭ የተገዛ ሥርዓት ላይ ኅዳር 6 ቀን 2018ን አንዱ «6/3/2018» ብሎ ቢጽፈው የሌላው አገር አቆጣጠር የለመደ ሰው ካለፈ ስንት ዓመት የሆነው ማርች ላይ ይደርሳል። ሰዓቱ ይብሳል። «3:00» ብቻ የተጻፈለት ሰው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው ብሎ ሲመጣ፣ ስልኩን የሚያምነው ደግሞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይደርሳል፤ ያኔ የመጀመሪያው ቀን ሊያልቅ ነው። ሁለቱን አጎራብቶ ሙሉውን መጻፍ ነው፦ ቅዳሜ፣ ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ኖቬምበር 15 ቀን 2025፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ 9:00 AM። ሥልጠናውን በኢንተርኔት የሚከታተሉ ካሉ ሌላም አለ። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ የሚጀምር ትምህርት በዚያ ቅዳሜ ዋሺንግተን ላለ ሰው የሚደርሰው 7:00 AM ላይ ነው። በኦክቶበር ቢሆን ኖሮ 8:00 AM ይሆን ነበር፤ አሜሪካ ሰዓቷን በዓመት ሁለት ጊዜ ታዛውራለች፣ እኛ አንለውጥም። ለዚህ ነው ከኢሜይሉ ጋር በሚላከው የቀን መቁጠሪያ ፋይል ላይ `Africa/Addis_Ababa` ተብሎ መጻፍ ያለበት፤ ስልኩ ቀሪውን ራሱ ያሰላዋል።

ደብዳቤው ተልኳል ማለት ግን ደርሷል ማለት አይደለም። የላኪው ሰርቨር «ተሳክቷል» የሚለው ተቀባዩ ሰርቨር ስለተቀበለው ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ስፓም ውስጥ ይግባ አይግባ አያውቅም። ብዙ ጊዜ መንስኤው የላኪው አድራሻ ነው። አዘጋጁ የራሱን የጂሜይል አድራሻ ላኪ አድርጎ በሌላ ሰርቨር ሲልክ ጂሜይል ይህን እንደ ማስመሰል ያየዋል። የድርጅቱ የራሱ ስም ያለው አድራሻ ሊኖር፣ በዚያም ስም መዝገብ ላይ SPF እና DKIM የሚባሉት ማረጋገጫዎች ሊገቡ ይገባል። ጂሜይልና ያሁ ከፌብሯሪ 2024 ጀምሮ ይህን ለላኪዎች ሁሉ አጥብቀውታል። በአገራችን ኢሜይሉን በየቀኑ የማይከፍት ሰው ብዙ ስለሆነ ያንኑ የምዝገባ ቁጥር በአጭር የስልክ መልእክት መላክና ከክፍያ በኋላ በሚታየው ገጽ ላይም ማሳየት ይጠቅማል። አድራሻውን gmail.con ብሎ የጻፈ ሰው በሌላ መንገድ አይገኝም።

በመጨረሻ በማረጋገጫው ግርጌ የ«መምጣት አልችልም» ማስፈንጠሪያ መኖር አለበት። ሲጫን ወንበሩ ይለቀቅና ለመጀመሪያው ተጠባባቂ ይቀርባል፤ ለሁሉም በአንድ ጊዜ አይደለም፣ ከሆነ ያው የሁለት ረዳቶች ነገር ይመጣል። አንዱ ተጠባባቂ 24 ሰዓት ይሰጠዋል፣ ካልመለሰ ለቀጣዩ ያልፋል። ሥልጠናው ሁለት ቀን ሲቀረው ጊዜው ወደ ሦስት ሰዓት ቢያጥር ጥሩ ነው። በዋዜማው ማታ ለተለቀቀ ወንበር ግን ኢሜይሉን ትቶ ስልክ መደወል ነው።