ብረት ሲነሳ ወገብ ላይ የሚያርፈው ኃይል

መፈንቅል በአንድ ነጥብ ላይ ተደግፎ የሚዞር ዘንግ ነው። የሚዞርበት መደገፊያ፣ የሚነሳ ሸክምና የሚያነሳ ኃይል አለው። በሰው አካል ዘንጉ አጥንት፣ መደገፊያው መገጣጠሚያ፣ ኃይሉ ደግሞ የጡንቻ ጉተታ ነው።

ቀላሉ ምሳሌ ክርን ነው። ክርን በ90 ዲግሪ ታጥፎ 5 ኪሎ ግራም ብረት በእጅ ሲያዝ፣ የምድር ስበት ብረቱን በ50 ኒውተን ገደማ ወደ ታች ይጎትተዋል። ብረቱ ያለው ከክርን 35 ሴንቲ ሜትር ርቆ ነው እንበል፤ ጡንቻው አጥንቱን የሚስበው ግን 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ ነው። ኃይል በርቀት ሲባዛ ሁለቱ ወገኖች እኩል እንዲሆኑ ጡንቻው 350 ኒውተን ማውጣት አለበት፤ ይህም የክንዱ ክብደት ሳይቆጠር የሸክሙ 7 እጥፍ ነው። ኪሳራ ይምሰል እንጂ ትርፍም አለው፦ ጡንቻው ጥቂት ሲያጥር እጅ ረጅም ርቀት በፍጥነት ይጓዛል። ጦር ወርዋሪ የሚጠቀመው በዚህ ነው።

ወገብ ላይ ሲደረስ ስሌቱ ይከብዳል። አንድ ስፖርተኛ 60 ኪሎ ግራም ብረት ከመሬት ሲያነሳ ብረቱ ከወገቡ መገጣጠሚያ በአግድም 40 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ፣ በ5 ሴንቲ ሜትር ርቀት የሚስቡት የጀርባ ጡንቻዎች ለብረቱ ብቻ 4800 ኒውተን ማውጣት ይኖርባቸዋል። ርቀቱ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ሲቀንስ ኃይሉም ወደ 2400 ይወርዳል። ብረቱ ያው ነው፤ የተለወጠው ርቀቱ ብቻ ነው። አሠልጣኞች ብረቱ ቅልጥምን ታክኮ ይውጣ የሚሉት ለዚህ ነው። ስህተቱን ከጎን ቆሞ ማየት ይቻላል፦ ዳሌ ከትከሻ ቀድሞ ይነሳል፣ ብረቱም ከእግር ይርቃል።

ሚዛንም ከዚሁ ይነሳል። የስበት ማዕከል የአካል ክብደት ሁሉ እንደተሰበሰበበት የሚቆጠር ነጥብ ነው። ብረት ሲያዝ የሰውየውና የብረቱ ማዕከል አንድ የጋራ ነጥብ ይሆናል፤ ከዚያ ነጥብ ወደ ታች የሚወርደው መስመር ሁለቱ እግሮች ከያዙት ቦታ ከወጣ ውድቀት ይከተላል። ሰውየውም ብረቱም 60 ኪሎ ግራም ቢሆኑ፣ ብረቱ ከእግር መሃል 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ሲሄድ አካል 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ መሄድ አለበት። ብረቱ 120 ኪሎ ግራም ከሆነ ግን 20 ሴንቲ ሜትር ያስፈልጋል። ይህ ሳይሆን ሲቀር ተረከዝ ከመሬት ይነሳል።

ብረቱ ከራስ በላይ ሲወጣ የጋራው ማዕከል ከፍ ስለሚል ትንሽ መዘንበል ብቻ መስመሩን ያስወጣል። ስለዚህ ብዙዎች አንድ እግር ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ ከፍተው ይቀበሉታል። አከፋፈቱ የፊትና የኋላውን ቦታ ያስረዝማል፤ የግራና የቀኙን ግን አያሰፋም፤ እግሮቹ በአንድ ቀጭን መስመር ላይ ካረፉ ሰውየው ወደ ጎን ይወድቃል። ሙከራው እንዲጸድቅም ሁለቱ እግሮች ጎን ለጎን ተመልሰው፣ ብረቱ ሳይንቀሳቀስ የዳኛውን ምልክት መጠበቅ ግዴታ ነው።