ዕቃው ከፎቶግራፉ ሲሰረዝ የሚቀረው ጥላና ነጸብራቅ እንዴት ይጠፋል?

ከፎቶግራፍ ላይ የማይፈለግን ነገር ማጥፋት ዛሬ በእጅ ስልክ ሳይቀር የሚሠራ ሥራ ኾኗል። በጣት ተከብቦ የተመረጠው ዕቃ በቅጽበት ይሰረዛል። ይሁን እንጂ ዕቃው ሲጠፋ ጥላው መሬት ላይ፣ ነጸብራቁ ደግሞ ውኃ ወይም መስታወት ላይ ይቀራል። በስልክ ትንሽ መስኮት ያልታየው ይህ ርዝራዥ ፎቶግራፉ በትልቁ ታትሞ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ጎልቶ ይወጣል።

ርዝራዡን በአግባቡ ለማንሣት በቅድሚያ የሁለቱን ልዩነት መረዳት ያስፈልጋል። ጥላ ብርሃን የጎደለበት ቦታ ነው። በጥላው ሥር ያለው ድንጋይ፣ ሣር ወይም ጨርቅ ከነቅርጹ በፎቶግራፉ ውስጥ አለ፤ የጠፋ ነገር የለም። ስለዚህ መፍትሔው በላዩ ሌላ ነገር መለጠፍ ሳይኾን የጎደለውን ብርሃን መመለስ ነው። ነጸብራቅ ግን ከዚህ ይለያል። ውኃው የዕቃውን ምስል ሲያሳይ ከዕቃው ጀርባ ያለውን ምስል ሸፍኗል። ስለዚህ ነጸብራቁን ማብራት ወይም ማጨለም ዋጋ የለውም፤ ውኃው ዕቃው ባይኖር ኖሮ ያሳየው የነበረውን ምስል መልሶ መስጠት ያስፈልጋል።

ይህን በአንድ ምሳሌ እንመልከት። አንድ ቤተሰብ በሞት የተለዩትን እናቱን ፎቶግራፍ ለሙት ዓመት መታሰቢያ በትልቁ ማሳተም ፈለገ እንበል። እናት ነጠላቸውን ለብሰው በቤታቸው ፊት ለፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ከእርሳቸው በስተግራ የቆመ ባጃጅ አለ። ሰዓቱ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ነው፤ ዝናቡ አባርቶ ሰማዩ ጠርቷል። ፀሐይዋ ከግራ በኩል ስለምታበራ የባጃጁ ጥላ በኮብልስቶኑ ላይ ወደ ቀኝ ተዘርግቶ የነጠላውን ጫፍና የበርጩማውን አንድ እግር ነክቷል። ከባጃጁ ፊት ለፊት ደግሞ ዝናብ ያቆረው ውኃ አለ፤ ባጃጁ በውኃው ውስጥ ተገልብጦ ይታያል። ሌላ ፎቶግራፍ ስለሌለ ነጠላውም ኾነ ፊታቸው ሳይነካ ባጃጁ ብቻ መውጣት አለበት።

ሥራው በነጻ በሚገኘው GIMP በተሰኘው የኮምፒውተር ሶፍትዌር ሊከናወን ይችላል። በመጀመሪያ ዋናው ፎቶግራፍ ተቀድቶ ሳይነካ ይቀመጣል። በመቀጠል ባጃጁ ራሱ ይሰረዛል። ከጀርባው የነበረው ግድግዳና መሬት "Clone" በሚባለው መሣሪያ ከአጠገቡ እየተቀዳ ይሞላል። እዚህ ላይ ብዙዎች ጥላውንም አብረው በዚሁ መሣሪያ ለመሸፈን ይፈተናሉ። ጥላው ትንሽ ከኾነና በወጥ አፈር ላይ ካረፈ ይህ ችግር የለውም። በኮብልስቶን ላይ ግን የድንጋዮቹ መጋጠሚያ መስመር ይዛነፋል፤ በነጠላው ላይ ደግሞ ጥበቡ ይበላሻል። ለዚህ ነው ብርሃኑን መመለስ የሚሻለው።

ምን ያህል ብርሃን እንደጎደለ በግምት ሳይኾን በመለካት ይታወቃል። "Color Picker" የተባለው መሣሪያ አንድ ነጥብ ሲነካ በውስጡ ያለውን የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ብርሃን መጠን ከ0 እስከ 255 ባለው ቁጥር ያሳያል። ፀሐይ ያረፈበት ኮብልስቶን ቀይ 180፣ አረንጓዴ 170፣ ሰማያዊ 155 ኾኖ ተገኘ እንበል። በጥላው ውስጥ ያለው ተመሳሳይ ድንጋይ ደግሞ ቀይ 80፣ አረንጓዴ 84፣ ሰማያዊ 90 ነው።

እነዚህ ቁጥሮች አንድ ቁም ነገር ይነግሩናል። በፀሐይ ላይ ቀዩ ከሰማያዊው ይበልጣል፤ በጥላው ውስጥ ግን ሰማያዊው ይበልጣል። ምክንያቱም ጥላ ውስጥ የፀሐይ ብርሃን በቀጥታ ባይደርስም ከሰማዩ የሚመጣው ሰማያዊ ብርሃን ይደርሳል። ስለዚህ ጥላውን በደፈናው ያበራ ሰው ጨለማውን አጥፍቶ ሰማያዊ እድፍ ይተዋል። ሦስቱ ቀለማት ለየብቻ መስተካከል አለባቸው።

ለዚህም ፎቶግራፉ በሌላ ሌየር ላይ ይባዛል፤ ከዚያም በ"Colors" ዝርዝር ውስጥ የሚገኘው "Curves" ይከፈታል። በቀዩ መስመር ላይ 80 የነበረው ወደ 180 ከፍ ይላል። በአረንጓዴው 84 ወደ 170፣ በሰማያዊው 90 ወደ 155 ይደረጋል። በዚህ ጊዜ ፎቶግራፉ በሙሉ ከመጠን በላይ ይነጣል፤ ይህ ሊያስደነግጥ አይገባም። መመልከት የሚገባው በጥላው ውስጥ ያሉት ድንጋዮች ፀሐይ ላይ ካሉት ጋር መመሳሰላቸውን ብቻ ነው። ከዚያም ለዚህ ሌየር "Layer Mask" ይጨመርለታል፤ ይህም እንደ መጋረጃ የሚያገለግል ነው። መጋረጃው ጥቁር ሲኾን የነጣው ሌየር በሙሉ ይደበቃል። በነጭ ብሩሽ የተቀባው ቦታ ብቻ ተገልጦ ይታያል። ስለዚህ የጥላው ቦታ ብቻ በጥንቃቄ ይቀባል።

አስቸጋሪው የጥላው ጠርዝ ነው። ፀሐይ በሰማይ ላይ ነጥብ ሳትኾን ስፋት ያላት ክብ በመኾኗ የጥላ ጠርዝ ከሚያጠላው ነገር እየራቀ ሲሄድ ይደበዝዛል። ድብዝዙ በ1 ሜትር ርቀት 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ በ2 ሜትር ርቀት 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ይኖረዋል። ስለዚህ ጎማው አጠገብ ጠርዙ የጠራ ብሩሽ፣ የባጃጁ ጣሪያ ጥላ የወደቀበት ራቅ ያለው ቦታ ላይ ደግሞ ጠርዙ የለሰለሰ ብሩሽ መጠቀም ይገባል። ይህ ካልተደረገ በጥላው ዳር ዳር እንደ ክር የቀጠነ ጥቁር ወይም ነጭ መስመር ይቀራል። ብዙ ጊዜ የተነካካ ፎቶግራፍን የሚያጋልጠው ይህ መስመር ነው።

ጎማዎቹ መሬቱን የነኩበት ቦታ ለብቻው መታየት አለበት። እዚያ የፀሐይም የሰማይም ብርሃን ስለማይደርስ ቁጥሩ ወደ 0 ይጠጋል። ካሜራው የመዘገበው ነገር ስለሌለ ቢበራ የሚወጣው ዝብርቅርቅ ነጠብጣብ ነው። ለዚህች ጠባብ ቦታ ብቻ ድንጋይ ከሌላ ስፍራ መቅዳት ግድ ይላል።

ነጠላውም የራሱን ልኬት ይፈልጋል። ለድንጋይ የተስተካከለው ብርሃን ለነጭ ጨርቅ ከተሰጠ ጨርቁ ከልክ በላይ ነጥቶ ድርና ማጉ ይጠፋል። ስለዚህ ፀሐይ ያረፈበት የነጠላው ክፍልና ጥላ ያረፈበት ጫፉ ለየብቻ ተለክተው ሌላ ሌየር ይዘጋጅለታል። ከነጠላው ሌላ በቀላሉ የሚዘነጋው የበርጩማው እግር ነው። እግሩ በባጃጁ ጥላ ውስጥ ስለነበር የራሱ ጥላ አልታየም። የባጃጁ ጥላ ሲነሣ ግን ፀሐይ ያርፍበታልና የራሱን ጥላ መጣል ይኖርበታል። ስለዚህ ከእግሩ ሥር ወደ ቀኝ፣ እንደ ሌሎቹ የበርጩማው እግሮች ጥላ፣ ቀጭን ጥላ ሳይነጣ ይተዋል። ያ ካልኾነ በርጩማው መሬት ያልነካ ይመስላል።

አሁን ወደ ውኃው እንሂድ። ጥላ የፀሐይን አቅጣጫ ተከትሎ ይወድቃል፤ ነጸብራቅ ግን ፀሐይ የትም ብትኾን ከዕቃው ሥር ቀጥ ብሎ ወደ ተመልካቹ ይወርዳል። ባጃጁ ሲነሣ ውኃው የሚያሳየው ከጀርባው ያለውን ግድግዳና ጣሪያ ነው። ጥያቄው የትኛውን የግድግዳ ክፍል የሚለው ነው። መሬቱ ደልዳላ ከኾነና ካሜራው ቀጥ ብሎ ከተያዘ መልሱ ቀላል ነው፤ ከግድግዳው እግር እስከ ውኃው ወደ ታች የተለካው ያህል ከግድግዳው እግር ወደ ላይ ይለካል።

በምሳሌያችን ውኃው ከግድግዳው እግር 300 ፒክስል ዝቅ ብሎ ይጀምርና 500 ፒክስል ላይ ያበቃል እንበል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ከግድግዳው እግር ከ300 እስከ 500 ፒክስል ከፍታ ላይ ያለው ክፍል ነው። ያ ክፍል ተቀድቶ "Flip" በሚባለው መሣሪያ ወደ ታች ይገለበጥና በውኃው ቅርጽ ልክ ይቀመጣል። ብዙዎች የሚስቱት ምስሉን በውኃው ዳር ላይ ገልብጠው የግድግዳውን እግር በውኃው ውስጥ ሲያሳዩ ነው። የቆርቆሮው ጣሪያ ጠርዝ 420 ፒክስል ከፍታ ላይ ከኾነ በውኃው ውስጥም 420 ፒክስል ዝቅ ብሎ መገኘት አለበት።

ትክክለኛነቱን ራሱ ውኃው ይመሰክራል። ውኃው ከባጃጁ ሰፋ ያለ ከኾነ በግራና በቀኙ ያልተነካ የጣሪያ ነጸብራቅ አለ። አዲሱ መስመር ከሁለቱ ጋር ሳይሰበር መገጠም አለበት። የውኃ ነጸብራቅ ከዋናው ምስል ይልቅ ስለሚጨልም የተገለበጠው ክፍል ከጎኑ ያለውን ነጸብራቅ እስኪመስል ድረስ በ"Curves" ይጨልማል። ነፋስ ውኃውን ያናወጠው ከኾነ ግን ይህ ዘዴ ብቻውን አይበቃም፤ ሞገዱ ምስሉን ስለሚሰባብረው ከዚያው ውኃ ሌላ ክፍል መቅዳት የተሻለ ይኾናል።

ሥራው ሲያልቅ ፎቶግራፉ በሦስት መንገድ ይፈተሻል። መጀመሪያ እንደ ጉርድ ፎቶግራፍ አሳንሶ መመልከት ነው፤ የቀረ እድፍ ካለ በዚህ ጊዜ ይታያል። ቀጥሎ ወደ ጎን ገልብጦ ማየት ነው፤ ዓይን የለመደውን ስሕተት እንደ አዲስ ያገኘዋል። በመጨረሻም በሙሉ መጠኑ አቅርቦ ሁለት ቦታ የተደገመ አንድ ዓይነት ድንጋይ መኖር አለመኖሩን መመርመር ነው።

ይህ ሙያ ለመታሰቢያና ለቤተሰብ ፎቶግራፍ ነውር የለበትም። ለማስረጃ በሚቀርብ የይዞታ ድንበር፣ ለሽያጭ በሚቀርብ በሬ ወይም በዜና ፎቶግራፍ ላይ ግን የተለየ ነው። አሶሺየትድ ፕሬስ የተባለው የዜና ወኪል በፈረንጆች 2014 ከአንድ ፎቶግራፍ አንሺ ጋር ያለውን ግንኙነት ያቋረጠው በሶርያ ከተነሣ ፎቶግራፍ ጥግ ላይ የባልደረባውን የቪዲዮ ካሜራ በማጥፋቱ ነበር። የጠፋው ዕቃ ከዜናው ጋር ያን ያህል የሚያገናኘው አልነበረም፤ ኾኖም ተመልካቹ በሥፍራው የነበረውን እንዳለ የማየት መብት አለው። በቤተሰቡም ዘንድ ቢኾን ያልተነካው ዋናው ፎቶግራፍ ከታረመው ጎን ሊቀመጥ ይገባል፤ ነገ የሚመጡት የልጅ ልጆች ያቺን ባጃጅም ማየት ይፈልጉ ይኾናል።